አንድ ፊሽካ፣ ሁለት ፊሽካ፣ ሦስት ፊሽካ፦ አቅሙ ለተለያየ ቡድን የሰርኪት ልምምድ አዘገጃጀት

ቅዳሜ ጠዋት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ በምንሰበሰብበት ሜዳ 18 ሰው ይመጣል። ግማሾቹ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ጉልበቷን የሚያማት የ52 ዓመት ባለሱቅ አለች። ደም ግፊት ያለበት የምድር ባቡር ጡረተኛ አለ። (ጡረተኛውን "አለ" በማለቴ አትቆጡኝ፤ ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛም፣ እሱም ቢሆን "አንቱ" ብለው ዞሮ ማንን ነው ይላል።) የቀሩት ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚሠሩ ናቸው። እነዚህን ሁሉ በሰርኪት፣ ማለትም በክብ የተደረደሩ የልምምድ ጣቢያዎችን እየዞሩ በመሥራት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ አሠልጣኝ ማሠራት ይቻላል። ግን መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ለሁሉም እኩል ቁጥር መስጠቴ ነው። በየጣቢያው "15 ሥሩና እለፉ" አልኩ። ልጆቹ በ20 ሰከንድ ጨርሰው ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ተከመሩ። ባለሱቋ ሰባተኛው ላይ ሳለች ከኋላዋ አራት ሰው ተሰልፎ ያያታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። ሁለተኛው ስህተቴ ቁጥሩን ትቼ ለሁሉም እኩል 40 ሰከንድ መስጠቴ ነበር። ሰልፉ ጠፋ፤ ጥሩ። ጡረተኛው ግን ሰው እየሠራ እሱ ማቆሙ አሳፍሮት ፊቱ ደም እስኪመስል ድረስ ቀጠለ።

ሰርኪትን በ1953 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያዘጋጁት ሞርጋንና አዳምሰን ይህን ያውቁ ነበር። እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ አቅሙ ይለካል፤ ከዚያ በየጣቢያው የሚሠራው የራሱ ቁጥር ነው እንጂ የጎረቤቱ አይደለም። እኛ ዘንድ ዙሩ በሰዓት ስለሚመራ ያንኑ ሐሳብ ወደ ሰከንድ አመጣሁት። ሁሉም እኩል ይጀምራል፣ ሁሉም እኩል ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ይሄዳል፤ የሚያቆምበት ጊዜ ግን ይለያያል።

ደቂቃዋን መቁረጥ

እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ የምንቆየው አንድ ደቂቃ ነው። ከዚህ አይጨምርም፣ አይቀንስም። እያንዳንዱ ሰው እንደ አቅሙ በሚያቆምበት ፊሽካ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ይባላል። በደቂቃዋ ውስጥ ፊሽካው እንዲህ ይነፋል።

በዜሮ ላይ አንድ ረጅም ፊሽካ፤ ሁሉም ይጀምራል።
በ20ኛው ሰከንድ አንድ አጭር፤ ባለ አንዶች ያቆማሉ።
በ30ኛው ሁለት አጭር፤ ባለ ሁለቶች ያቆማሉ።
በ40ኛው ሦስት አጭር፤ ባለ ሦስቶችም ያቆማሉ፣ ሁሉም ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ይሄዳል።
በ60ኛው እንደገና ረጅሙ።

ሂሳቡን እንየው። ስድስት ጣቢያ፣ ሦስት ዙር፣ 18 ደቂቃ። ባለ አንድ በዚህ ውስጥ 6 ደቂቃ ብቻ ይሠራል፣ 12 ደቂቃ ያርፋል። ባለ ሁለት 9 ይሠራል 9 ያርፋል። ባለ ሦስት 12 ሠርቶ 6 ያርፋል። ማለትም አንዱ የሌላውን እጥፍ እየሠራ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ከውጭ የሚያይ ሰው ማን ደካማ ማን ጎበዝ እንደሆነ ቶሎ አይለይም።

"ጀማሪ"፣ "መካከለኛ"፣ "ከፍተኛ" የሚሉትን ስሞች ሆን ብዬ ትቻለሁ። ሰው "ጀማሪ ነህ" ሲሉት ይከፋዋል፤ "ባለ አንድ ነህ" ሲሉት ግን ፊሽካውን ብቻ ይጠብቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባለ አንዶች በ20ኛው ሰከንድ ሲያቆሙ ወደሚቀጥለው ጣቢያ እንዳይሄዱ። እዚያው በዝግታ እየተራመዱ ሦስቱን ፊሽካ ይጠብቁ። አለበለዚያ ሌላው እየሠራ መሃሉ ይገባሉ፣ ጀሪካን የያዘ ልጅም ሊመታቸው ይችላል።

ፊሽካውን እኔ አልይዝም። ሰዓት የሚያይ ሰው አቋም ማየት አይችልም። የዕለቱን ፊሽካ የሚይዘው ቁርጭምጭሚቱ የተጣመመ ወይም ያልተመቸው ሰው ነው። ስልክ ላይ የሚጮህ ሰዓት ቆጣሪም ሞክሬ ነበር፤ ባጃጅ ሲያልፍ አይሰማም።

ስድስቱ ጣቢያዎች

ቅደም ተከተሉ ላይ ጊዜ አጥፉ፤ ይከፍላችኋል። ደንቡ እግር የሚሠራ ጣቢያ ከእግር ጣቢያ ጎን አይቀመጥም የሚል ነው። ሰርኪት ክብ ስለሆነ የመጨረሻውና የመጀመሪያውም ጎረቤት ናቸው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። ከስድስተኛው ጣቢያ የጀመረ ሰው በቀጥታ ወደ አንደኛው ይሄዳልና ሁለቱ አንድ ዓይነት ጡንቻ የሚያደክሙ ከሆነ እሱ ከሌላው በላይ ይቸገራል። የኔ አሰላለፍ እግር፣ ክንድ፣ እግር፣ ጀርባ፣ እግር፣ ሆድ ነው። እግር ሲሠራ ክንድ ያርፋል። ልብ ግን በደንብ አታርፍም፤ የምንፈልገውም ያንን ነው።

በየጣቢያው እንቅስቃሴው ራሱ ሦስት መልክ አለው፤ ቀላል፣ መሃል፣ ከባድ።

አንደኛው ጣቢያ ቁጭ ብድግ ነው። ቀላሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ቂጥ እስኪነካ መቀመጥና መነሳት ነው። ጉልበቷን ለሚያማት ባለሱቅ ወንበሩ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርገን ከፍ አደረግንላት፤ ጉልበት ባነሰ መጠን በታጠፈ ቁጥር ሕመሙ ይቀንሳል። መሃሉ ያለ ወንበር፣ ጭን ከመሬት ጋር እስኪስተካከል ነው። ከባዱ ውሃ የተሞላ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ደረት ላይ ታቅፎ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ክብደቱን መገመት አያስፈልግም፤ ከከበደ ትደፋላችሁ።

ሁለተኛው ፑሽ አፕ ነው፤ ግድግዳ ላይ፣ ወንበር ጠርዝ ላይ፣ መሬት ላይ። እጅ ያረፈበት ከፍታ በወረደ ቁጥር ክንድ የሚሸከመው የሰውነት ክብደት ይጨምራል። በጉልበት ተንበርክኮ መሥራትም አለ። እኔ ግን ወንበሩን እመርጣለሁ፤ መሬቱ ጠጠር ነው፣ ደግሞ ሰውነት ከራስ እስከ ተረከዝ ቀጥ ማለትን ከመጀመሪያው ይማራል።

ሦስተኛው 10 ሜትር በተራራቁ ሁለት ድንጋዮች መካከል መመላለስ ነው። ቀላሉ ፈጣን እርምጃ፣ መሃሉ ሶምሶማ፣ ከባዱ ሩጫ ሆኖ ድንጋዩን በእጅ መንካት አለበት። አሸዋ ያለበትን ቦታ አትምረጡ። መዞሪያው ላይ ይንሸራተታል።

አራተኛው ለጀርባ ነው። ከወገብ ዝቅ ብሎ፣ አንድ እጅ ወንበር ይዞ፣ በሌላው ክብደት ወደ ወገብ መሳብ። እጅ በዙር ይቀየራል። እዚህ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ፣ ባለ 5 እና ባለ 10 ሊትር ጀሪካን እንጠቀማለን። ሃይላንዱን በውሃ ፋንታ በደረቅ አሸዋ ብትሞሉት ከ3 ኪሎ አያንስም። ክዳኑን በፕላስተር እሰሩት።

አምስተኛው ደረጃ መውጣትና መውረድ። ለቀላሉ 20 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ የግንብ ደረጃ ይበቃል፤ ለከባዱ 40 ሳንቲሜትር። ጫማው ሙሉ በሙሉ ደረጃው ላይ ያርፋል፣ ሲወረድም አይዘለልም።

ስድስተኛው ፕላንክ ነው። ቀላሉ እጅን ግድግዳ ላይ አድርጎ ሰውነትን ማቅናት፣ መሃሉ እጅን ወንበር ላይ አድርጎ፣ ከባዱ በክርን መሬት ላይ። ሳይንቀሳቀሱ ጠንክሮ መቆየት የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ትንፋሽ ከተያዘ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ እዚህ ጣቢያ ሁሉም ጮክ ብሎ ይቆጥራል። የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። ጡረተኛችን ግን በቀላሉም ላይ ፊቱ ስለሚቀላ ለእሱ ቀየርነው፤ ግድግዳውን ይዞ ተራ በተራ ጉልበቱን ወደ ላይ ያነሳል። ከመሬት የሚነሳም ሰው ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ ተንበርክኮ ይነሳ። ከዚህ በኋላ ያለው ቁጭ ብድግ ስለሆነ ዘሎ የተነሳ ራሱን ሊያዞረው ይችላል።

በየጣቢያው ሦስት ሰው ስለሚኖር የእያንዳንዱ ክብደት አንድ አንድ ይበቃል ብላችሁ አታስቡ። ሦስት ልጆች አብረው ጣቢያ ቢደርሱ ሦስቱም ከባዱን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ስትደለድሉ ጓደኛሞችን ለያዩ፤ አንድ ልጅ፣ አንድ ትልቅ ሰው፣ አንድ መሃል ላይ ያለ። ይህን ስናደርግ ፉክክሩም በረደ።

የመጀመሪያው ቀን

ከመጀመራችን በፊት አንድ በአንድ እጠይቃለሁ፤ ግፊት፣ ስኳር፣ ልብ፣ አስም፣ እርግዝና፣ የቆየ ጉዳት። ደረቱን የሚወጋው ወይም በቅርቡ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ሰው ሐኪም ሳያየው አይሠራም። ይህ ላይ አልከራከርም።

ቀጥሎ 8 ደቂቃ ማሟሟቂያ አለ። ለብቻው አላደርገውም። ያለ ሰዓት፣ በዝግታ፣ ስድስቱንም ጣቢያ በቀላሉ መልክ እየዞርን አሳያለሁ። ሰውነታቸው ይሞቃል፣ ቦታውንም ይለምዳሉ፤ 5 ደቂቃ ቆሞ ማስረዳት ቀረ።

ማን ባለ ስንት እንደሚሆን በዕድሜ አልወስንም። ወስኜ አይቻለሁ። የ19 ዓመት ልጅ ቁርስም እንቅልፍም ሳይኖረው፣ ሌሊቱን ሲቅም አድሮ መጥቶ ሁለተኛው ዙር ላይ ዞረበት። በየማለዳው የሚራመደው ጡረተኛ ግን እስከ መጨረሻው ደረሰ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ራሱ ይለያቸው።

በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ሰው፣ ልጆቹም ጭምር፣ ባለ አንድ ነው፤ እንቅስቃሴውም ቀላሉ። ልጆቹ ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ። ዙሩ እንዳለቀ እያንዳንዱን "ዛሬ ሙቀቱ ከትናንት ይብሳል፣ ውሃ አምጡልኝ" በል እላለሁ። ዓረፍተ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ወደ ባለ ሁለት ይሄዳል። ሁለት ሁለት ቃል እያለ የሚቆራርጥ እዚያው ይቆያል። ምንም መናገር ያልቻለ ሰው ቀጣዩን ዙር ግማሹን ጣቢያ ብቻ ይሠራል፣ በሌላው ላይ ይራመዳል። ከሁለተኛው ዙር በኋላም እንዲሁ ወደ ባለ ሦስት። ማንም ሰው በመጀመሪያው ቀን ከሁለት ደረጃ በላይ አይወጣም፤ እንቅስቃሴውም እስከ መጨረሻው ቀላሉ ነው።

በዙሮች መካከል 2 ደቂቃ እረፍት አለ። 18 ደቂቃና 4 ደቂቃ 22 ነው፤ ከማሟሟቂያው 8 እና ከመጨረሻው 6 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ጋር 36 ደቂቃ። አንድ ሰዓት የሚባለው ሰው እስኪሰበሰብ ያለውን ጨምሮ ነው።

ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ

አሁን ሁለት መጨመሪያ አላችሁ፤ ፊሽካውና እንቅስቃሴው። ሁለቱን በአንድ ቀን አትጨምሩ። እንቅስቃሴው ሲከብድ ፊሽካው አንድ ደረጃ ይወርዳል። ባለ ሁለት ሆኖ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ የሚሠራ ሰው ወደ ወንበር ጠርዝ ሲወርድ በዚያ ጣቢያ ባለ አንድ ይሆናል። ሲለምደው ወደ ሁለቱ ይመለሳል። ደረጃው የጣቢያ እንጂ የሰው አይደለም። ባለሱቋ በጀሪካን መሳቡ ባለ ሦስት ናት፣ ስኳር ኩንታል ስታነሳ የኖረች ሴት ናት። ደረጃ መውጣቱ ላይ ባለ አንድ።

መቼ እንደሚጨመር ለማወቅ ሰው ሁሉ በሁሉም ጣቢያ ይቁጠር ብትሉ ማንም አይቆጥርም። እኔ ሁለት ጣቢያ ብቻ አስቆጥራለሁ፤ ቁጭ ብድጉንና ምልልሱን። ከካርቶን የተቆረጠች ወረቀት ላይ የየዙሩ ቁጥር ይጻፋል። የማየው የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ዙር ልዩነት ነው። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ከሩብ በላይ ከወረደ ከብዷል። እኩል ከሆነ ወይም ከጨመረ፣ ዓረፍተ ነገሩንም ከጨረሰ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ነገር ይጨመርለታል። ሩብ የምትለዋ የኔ መለኪያ ናት፤ ሠርታልኛለች።

የሁለት ሰው ካርድ ላሳያችሁ። የባለሱቋ ቁጭ ብድግ በወንበር፣ ባለ አንድ፦ 8፣ 8፣ 9። ጉልበቷን ጠየቅኳት፤ በማግስቱ አላመማትም። ስለዚህ ወንበሩ ሳይቀየር ባለ ሁለት ሆነች። አንድ የመሃል ተጫዋች ልጅ ደግሞ ጀሪካኑን ታቅፎ ባለ ሦስት፦ 22፣ 17፣ 12። ከ22 ወደ 12 መውረድ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። በደንቤ መሠረት ወደ ባለ ሁለት ላወርደው ነበር። ግን 22 ራሱ አጠራጠረኝ። በ40 ሰከንድ 10 ኪሎ ይዞ 22 ጊዜ ጭኑ እስኪስተካከል መውረድ ከባድ ነው። ሲሠራ ቆሜ አየሁት፤ ልጁ የሚወርደው ግማሽ ነው፣ ሲነሳም ይነጥራል። ሲወርድ "አንድ፣ ሁለት" ብሎ እንዲቆጥር፣ ከዚያ እንዲነሳ ነገርኩት። በሚቀጥለው ሳምንት 14፣ 14፣ 13 ጻፈ። ደረጃው ትክክል ነበር፤ የተበላሸው ፍጥነቱ ነው። ካርዱ ላይ ብቻ ብተማመን ልጁን በከንቱ አወርደው ነበር።

ሙቀቱ

ድሬ ላይ ይህን ሳይጽፉ ማለፍ አይቻልም። ከጠዋቱ 12፡15 እንጀምራለን፤ ከ1፡15 በፊት እንበትናለን። ጣቢያዎቹን ስደረድር መሬት ላይ የሚሠሩትን ሁለቱን፣ ፑሽ አፑንና ፕላንኩን፣ ኒሙ ጥላ ሥር አደርጋለሁ፤ ፀሐይ የመታው ሲሚንቶ እጅ ያቃጥላል። ሰው ቁጥሩ ከ18 ካለፈ ጣቢያዎቹን አላጨናንቅም። ሰባተኛ ጣቢያ እጨምራለሁ፤ እሱም ውሃ መጠጫ ነው። ሦስት ሰው ደቂቃዋን ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ይጠጣል። 21 ሰው ያስተናግዳል፣ ዙሩም 7 ደቂቃ ይሆናል። በጣም በሚሞቅባቸው ወራት 18 ሰው ቢመጣም ይህን ጣቢያ አስገባዋለሁ፣ ሦስተኛውን ዙር ደግሞ እተወዋለሁ። በረመዳን የሚጾሙት ከሚበዙ ሰዓቱን ከፍጥር በኋላ ወደ ማታ እናዛውራለን።

የሚያስፈራኝ ያላበው ሰው አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ፣ በሙቀት መሃል "በረደኝ" የሚል ሰው ነው። ወዲያው ያቆማል፤ ጥላ ሥር እግሩን ከፍ አድርጎ ይተኛል፣ ይረጥባል፣ ይራገባል፣ ከቻለ ይጠጣል። ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ የት እንዳለ ካልለየ ወይም ራሱን ከሳተ ጉዳዩ ሌላ ነው። አፉ ውስጥ ውሃ አይጨመርም። ያለውን የጀሪካን ውሃ ሁሉ ሰውነቱ ላይ ደፍታችሁ፣ እያራገባችሁ መኪና ጥሩ፤ ማቀዝቀዙ መንገድ ላይም አይቋረጥ።

ለዚህ ነው ከጀሪካኖቹ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን በአሸዋ የማልሞላቸው።